የግል መግለጫን ማረም፦ አንድ ሰፊ ቅጽበት፣ ብዙ አጫጭር ቅጽበቶች ወይስ መግቢያውን ብቻ መቀየር?

ለውጭ ሀገር ዩኒቨርሲቲ የሚያመለክት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ከሚያዘጋጃቸው ሰነዶች ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቸግረው ፐርሰናል ስቴትመንት የሚባለው የግል መግለጫ ነው። የሀገራችን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ምደባ በዋናነት በብሔራዊ ፈተና ውጤትና በተማሪው ምርጫ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ፣ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ያደገ ተማሪ ስለ ራሱ እንዲህ ያለ ጽሑፍ እንዲጽፍ የሚጠየቅበት አጋጣሚ እምብዛም የለም። በዚህም ምክንያት የመጀመሪያው ረቂቅ ብዙውን ጊዜ የሚከተለውን ይመስላል።

«ከልጅነቴ ጀምሮ ለምህንድስና ልዩ ፍቅር አለኝ። ታታሪና ተስፋ የማልቆርጥ ተማሪ ነኝ። በአካባቢዬ የውሃ ችግር መኖሩ ሁልጊዜ ያሳስበኛል። ይህን ችግር ፈትቼ ወገኔን ለማገልገል እመኛለሁ።»

ከእነዚህ አራት ዓረፍተ ነገሮች አንዱም ሐሰት ላይሆን ይችላል። ችግሩ በአንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጡ ተማሪዎች ሁሉ አንዲት ቃል ሳይለውጡ ሊፈርሙባቸው መቻላቸው ነው። ብዙ ማመልከቻ የሚያነብ ሰው ደግሞ የሚፈልገው ይህንን አመልካች ከሌላው የሚለይበትን ነገር ነው። በእኛ ዘንድ ተማሪዎች ወደ አጠቃላይ ቃላት የሚሸሹበት ምክንያት ስንፍና አይመስለኝም። ስለ ራስ መናገር ነውር ነው ተብሎ ያደገ ልጅ፣ ያደረገውን በዝርዝር ከመተረክ ይልቅ የተለመደ ሐረግ ውስጥ መደበቅ ይቀለዋል። ነገር ግን ነገሩ ሲታይ ተገላቢጦሽ ነው፤ «ታታሪ ነኝ» ብሎ በራስ ላይ መመስከር ራስን ማወደስ ሲሆን፣ «ይህን ቀን ይህን አደረግሁ» ብሎ ፍርዱን ለአንባቢው መተው ግን ከጨዋነታችን ጋር ይበልጥ ይስማማል። ይህን ነጥብ ያስረዳኋቸው ተማሪዎች እርማቱን በቀለለ ልብ ሲጀምሩ አይቻለሁ።

«አጠቃላይ አባባል ትተህ የተወሰነ ቅጽበት አሳይ» የሚለው ምክር እንግዲህ ትክክል ነው፤ ሆኖም እንዴት የሚለውን አይመልስም። በተግባር ሦስት መንገዶች አሉ። አንደኛው የጽሑፉን መግቢያ ብቻ በትዕይንት ተክቶ ቀሪውን እንደነበረ መተው ነው። ሁለተኛው መላውን ጽሑፍ በአንድ ቅጽበት ላይ መገንባት ነው። ሦስተኛው በእያንዳንዱ አጠቃላይ አባባል ፋንታ አንድ አጭር ቅጽበት አስገብቶ ሁሉንም በአንድ ጥያቄ ማያያዝ ነው። ሦስቱን ለማነጻጸር እንዲመች አንድ ጉዳይ ይዘን እንሂድ። ጉዳዩ ለዚህ መመሪያ ያዘጋጀሁት ምሳሌ ነው።

የማነጻጸሪያው ጉዳይ

ከላይ ያለውን ረቂቅ የጻፈችው ተማሪ ደሴ ውስጥ ተዳፋት ላይ በተሠራ ሰፈር ትኖራለች፤ ማጥናት የምትፈልገውም የውሃ ምህንድስና ነው። «የውሃ ችግር ያሳስበኛል» ያለችው ምን አይታ እንደሆነ ስትጠየቅ መጀመሪያ የሰጠችው መልስ «ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው» የሚል ብቻ ነበር። «አንቺስ ምን አደረግሽ?» የሚለው ጥያቄ ግን ሌላ ነገር አወጣ። በፈረቃው ቀን ምሽት 12 ሰዓት ላይ ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን ለመሙላት 11 ደቂቃ እንደሚፈጅ በስልኳ ለክታለች። ከእነሱ ዝቅ ብሎ ያለው የጎረቤት ቧንቧ ግን በዚያው ሰዓት በፍጥነት እየሞላ ነበር። እናቷ «የእኛ መስመር ዝጎ ጠቦ ነው» ይላሉ። ተማሪዋ ይህ እውነት ከሆነ ውሃው በማንኛውም ሰዓት መዘግየት አለበት ብላ አሰበችና ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነሥታ ያንኑ ጀሪካን ሞላች፤ 4 ደቂቃ ብቻ ወሰደ።

በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለውን የድንጋይ ደረጃ ቆጠረች፤ 38 ነው፤ የእያንዳንዱ ቁመትም ወደ 16 ሳንቲሜትር ይጠጋል። የከፍታው ልዩነት 6 ሜትር ያህል መሆኑ ነው። የ10 ሜትር ውሃ ቁመት በግምት 1 ባር ግፊት ስለሚፈጥር፣ የእነሱ ቧንቧ ከጎረቤቱ በ0.6 ባር ገደማ ያነሰ ግፊት ያገኛል። ምሽት ላይ መላው ሰፈር ሲቀዳ በዋናው መስመር ያለው ግፊት ይወርዳል፤ ጉዳቱ ቀድሞ የሚሰማውም ከላይ ያለው ቤት ነው። ሌሊት ቀጂው ሲያንስ ግፊቱ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ በርሜሉ የሚሞላው ሌሊት ሆነ። 200 ሊትር ለመሙላት ምሽት 110 ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ሌሊት 40 ደቂቃ ብቻ ፈጀ።

ከዚህ ሁሉ በመጀመሪያው ረቂቅ ውስጥ አንዲት ፊደል አልነበረም። እርማት ሲባል ብዙ ተማሪዎች ዓረፍተ ነገር ማስዋብ ይመስላቸዋል፤ አብዛኛው ሥራ ግን ከብዕሩ በፊት ነው፤ ረቂቁን ሳይነኩ «ምን አደረግሁ? በስንት ሰዓት? በምን? ከማን ጋር ተከራክሬ?» እያሉ በአማርኛ በወረቀት ላይ መዘርገፍ ነው። በአማርኛ እንዲሆን የምመክረው በእንግሊዝኛ ሲታሰብ ቀድመው የሚመጡት በትምህርት ቤት የተሸመደዱት ሐረጎች ስለሆኑ ነው።

መግቢያውን ብቻ መቀየር

ከሦስቱ በብዛት የማየው ይህንን ነው፤ የማልመክረውም ይህንን ነው። በምሳሌያችን እንዲህ ይሆናል።

«ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ደሴ ተኝታለች፤ የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኗል። እኔ ግን ጀሪካኔን ይዤ ቧንቧው ሥር ቆሜያለሁ። በዚያች ሌሊት ምህንድስና ጥሪዬ መሆኑን ተረዳሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ታታሪና ተስፋ የማልቆርጥ ተማሪ ነኝ...»

ሲነበብ ያምራል፤ ዝርዝርም ያለው ይመስላል። ነገር ግን ዝርዝሩ ያለው በተራራውና በጉሙ ላይ ነው። ተማሪዋ ለምን በዚያ ሰዓት እንደተነሣች፣ ምን ልታረጋግጥ እንደፈለገችና ምን እንዳገኘች አልተነገረም፤ ስለዚህ ትዕይንቱ ቢወጣ ከቀሪው ጽሑፍ ምንም አይጎድልም። ግማሽ እርማት መሆኑን የምንለየውም በዚህ ነው፤ የመጀመሪያውን አንቀጽ በእጅ ሸፍነን ሁለተኛውን ስናነብ ጽሑፉ ያለ እንከን ከቀጠለ ቅጽበቱ ጌጥ ብቻ ነበር ማለት ነው። «በዚያች ሌሊት ጥሪዬን ተረዳሁ» የሚለው አባባል ደግሞ ተጨማሪ ጉዳት አለው፤ አንድ ጀሪካን ከመሙላት የሕይወት ጥሪ ላይ መድረስ አንባቢውን አያሳምንም፤ ጸሐፊዋም በቃለ መጠይቅ ብትጠየቅ የምታስረዳበት ነገር አይኖራትም።

ይህ መንገድ የሚጠቅመው ማመልከቻው ነገ የሚዘጋ ከሆነና ሌላ ጊዜ ከሌለ ብቻ ነው። ያኔም ቢሆን ጉሙን ትቶ ልኬቱን ማስገባት ይሻላል።

አንድ ቅጽበት እስከ መጨረሻው

ሁለተኛው መንገድ ሌሊቱን ከመነሻው እስከ ውጤቱ ይከተላል።

«እናቴ መስመራችን ዝጎ ጠቧል ትላለች። ምሽት 12 ሰዓት ላይ አንድ ጀሪካን ለመሙላት 11 ደቂቃ ስለፈጀብኝ እኔም አምኛት ነበር። ግን የጠበበ ቧንቧ ሌሊትም ጠባብ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነሥቼ ስለካ 4 ደቂቃ ሆነ።»

በእነዚህ አራት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ «ታታሪ»፣ «ጉጉት» ወይም «ፍቅር» የሚል ቃል የለም። ሆኖም ተማሪዋ የተባለውን ሁሉ እንደማትቀበል፣ እናቷን እንደምታከብር፣ ግምቷን የምትፈትንበት መንገድ እንደምታበጅና ለዚያም እንቅልፏን እንደምትሠዋ አንባቢው ራሱ ይደመድማል። ጽሑፉ ከዚያ ወደ 38ቱ ደረጃዎች፣ ወደ ግፊቱና ወደ በርሜሉ ይሄዳል። እኔ በዚህ ረቂቅ ውስጥ ከሁሉ የምወደው ግን ወደ መጨረሻው ያለውን ይህን ቦታ ነው፦ «መፍትሔዬ የሚሠራው ጎረቤቶቼ እስከተኙ ድረስ ነው። የላይኛው ሰፈር ሁሉ ሌሊት መሙላት ከጀመረ የሌሊቱ ግፊትም ይወርዳል። 6 ሜትር ከፍ ብሎ ያለ ቤት ከታች ካለው እኩል ውሃ የሚያገኝበትን መንገድ እስካሁን አላውቅም።» ይህች ተማሪ የውሃ ምህንድስና ለምን እንደምታጠና ለመረዳት ከዚህ የበለጠ ማብራሪያ አያስፈልግም። የጎደላትን ዕውቀት በትክክል ለይታ ስላሳየች «ፍላጎት አለኝ» ማለቱ ትርፍ ይሆናል።

የዚህ መንገድ ጥንካሬ ጥልቀቱ ነው፤ ድክመቱም ከዚያው ይመጣል። ቅጽበቱ ደካማ ከሆነ መላው ጽሑፍ አብሮ ይወድቃል፤ ስለ ትምህርት ዝግጅት፣ ስለ ንባብ ወይም ስለ ሌላ ተሳትፎ ለመናገርም ቦታ አይተርፍም። ስለዚህ የሚመረጠው ሌሎች የማመልከቻው ክፍሎች ውጤትንና ተሳትፎን አስቀድመው የሚይዙ ሲሆን ነው። ብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች የሚቀበሉት ኮመን አፕ የተባለው ማመልከቻ ለዚህ ይስማማል፤ ድርሰቱ ከ250 እስከ 650 ቃል ሲሆን፣ ከክፍል ውጭ ያሉ ተግባራት የሚዘረዘሩበት ሌላ ቦታ አለው። በ650 ቃል ውስጥ ከሁለት መቶ የማይበልጠውን ለሌሊቱ ትዕይንት፣ ቀሪውን ለአስተሳሰቡና ለተከተለው ነገር መስጠት ይበቃል።

በአንድ ጥያቄ የተያያዙ አጫጭር ቅጽበቶች

የብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች ማመልከቻ በሚሰበሰብበት በዩካስ ግን ሁኔታው ይለያል። እ.ኤ.አ. ለ2026 ምዝገባ ካመለከቱ ተማሪዎች ጀምሮ መግለጫው በሦስት ጥያቄዎች ተከፍሏል፤ ትምህርቱን ለምን መማር እንደሚፈለግ፣ የተማሩት ትምህርት እንዴት እንዳዘጋጀ፣ ከትምህርት ውጭ ምን ዝግጅት እንደተደረገና ለምን እንደሚጠቅም። ሦስቱ በድምሩ ከ4000 ሆሄ መብለጥ አይችሉም፤ የቃላት ክፍተትም ይቆጠራል፤ እያንዳንዱ መልስም ቢያንስ 350 ሆሄ መሆን አለበት። እዚህ ላይ አንዱን ሌሊት በሦስቱም ሣጥን ውስጥ መድገም ቦታ ማባከን ነው።

ስለዚህ ተማሪዋ ሌሊቱን ለመጀመሪያው ጥያቄ በአምስትና በስድስት ዓረፍተ ነገር ታሳጥረዋለች። ለሁለተኛው በፊዚክስ ክፍል የፈሳሽ ግፊትን ስትማር የመማሪያ መጽሐፉ ቀመር የረጋ ውሃን የሚመለከት መሆኑን አስተውላ፣ በቧንቧ ውስጥ የሚፈስ ውሃ በሰበቃ ግፊቱን እንደሚያጣ ለማወቅ መምህሯን የጠየቀችበትን ቀን ታነሣለች። ይህ ራሷ ያሰላችው 0.6 ባር ግምት ብቻ መሆኑን ማወቋን ስለሚያሳይ ብዙ ዋጋ አለው። ለሦስተኛው ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ አጎቷ ዘንድ ወደ ኮምቦልቻ ወርዳ በቧንቧ ሥራ ያገዘችበትን ቀን ትመርጣለች፤ «ልምድ አግኝቻለሁ» ሳትል፣ አንድ መገጣጠሚያ አፍስሶ ሲፈታ በጥርሱ ላይ የተጠመጠመው ማሸጊያ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ መዞሩን እንዳየችና በትክክለኛው አቅጣጫ ዳግመኛ እንደጠመጠመችው ትጽፋለች።

ሦስቱ ቅጽበቶች የሚያያዙት ውሃ ከምንጩ እስከ ቤት ሲደርስ ግፊቱን የት ያጣል በሚለው ጥያቄ ነው። ይህ ማያያዣ ከሌለ መንገዱ ወደ ዝርዝር ይለወጣል፤ የክርክር ክበብ፣ የቀይ መስቀል በጎ ፈቃድ፣ የሒሳብ ውድድር እየተባለ በአንድ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። አጫጭር ቅጽበቶችን የሚመርጥ አመልካች ቢያንስ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን ዕንቁ መስለው የታዩትን ትዝታዎች ለመጣል መዘጋጀት አለበት። አንድ ቅጽበት ከሦስት ዓረፍተ ነገር ባነሰ ከተነገረ ተመልሶ አጠቃላይ አባባል ይሆናል።

የነጻ ትምህርት ዕድል ሰጪዎች ቅጽ ብዙውን ጊዜ በበርካታ አጫጭር ጥያቄዎች ስለሚቀርብ የሚስማማው ለዚህ ለሦስተኛው መንገድ ነው። ያም ሆኖ ከመወሰን በፊት ጥያቄውን ቃል በቃል ማንበብ ይገባል፤ «አንድ ጊዜ ግለጽ» የሚል ከሆነ የሚጠይቀው አንድ ብቻ ነው።

የትኛውን ቅጽበት?

መንገዱ ከተመረጠ በኋላ የሚቀረው የቅጽበቱ ምርጫ ነው። ተማሪዋ ሦስት እጩዎች ነበሯት እንበል፤ የሌሊቱ ልኬት፣ ከክፍሏ አንደኛ ወጥታ የተሸለመችበት ቀንና በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ከቤተሰቧ ጋር ደሴን ለቃ የወጣችበት ጊዜ።

ሽልማቱን ቶሎ መጣል ይቻላል። ውጤቷ በትራንስክሪፕቱ ላይ አለ፤ በመድረክ ላይ ሽልማት መቀበል ደግሞ የሌሎችን ውሳኔ እንጂ የእሷን አያሳይም።

ስለ ጦርነቱ ግን በጥንቃቄ መናገር ያስፈልጋል፤ የዚህ አካባቢ ተማሪዎች ብዙዎቹ ይህን ትዝታ ተሸክመዋል፤ «አሳዛኝ ታሪክ ካልጻፍኩ አልመረጥም» ብለው የሚያምኑም አጋጥመውኛል። ይህ እምነት ልጆቹን ይጎዳል ብዬ አምናለሁ። መከራው የደረሰበት ሰው ምን እንዳደረገ ካልተጻፈ አንባቢው ያዝናል፤ ስለ አመልካቹ ግን የሚያውቀው ነገር አይጨምርም። ስለዚህ መለኪያዎቹ ሁለት ናቸው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ተማሪዋ ራሷ የወሰነችው ወይም የሠራችው ነገር አለ ወይ? ከማታውቀው ሰው ጋር በቃለ መጠይቅ ሳትታወክ ልትነጋገርበት ትችላለች ወይ? ለሁለቱም መልሱ አዎ ከሆነ ጉዳዩ ለድርሰት ይበቃል። ካልሆነ፣ ትምህርት ተቋርጦ እንደነበር ለማስረዳት ሁለት ዓረፍተ ነገር በቂ ነው፤ በኮመን አፕ ያጋጠመ ችግር ለብቻው የሚገለጽበት አማራጭ ክፍል ስላለ ድርሰቱን ለሌላ ነገር ማስቀረት ይቻላል።

የሌሊቱ ልኬት የሚያሸንፈው ትልቅ ነገር ስለሆነ አይደለም። በውስጡ ጥርጣሬ፣ ሙከራ፣ ውጤትና ያልተመለሰ ጥያቄ አለው፤ የተደረገውም በተማሪዋ እጅ ነው፤ ልታጠናው ከምትፈልገው ትምህርት ጋርም በቀጥታ ይገናኛል።

ከእርማት በኋላ የሚቀሩ ጉድለቶች

ጥሩ ቅጽበት ተመርጦም ጽሑፉ የሚበላሽባቸው ቦታዎች አሉ። ዋናው በአንቀጹ መጨረሻ ላይ «ይህ ተሞክሮ ጽናትንና ትዕግሥትን አስተምሮኛል» ብሎ ትምህርቱን መደምደም ነው፤ በበር የወጣው አጠቃላይ አባባል በመስኮት ተመልሶ ገባ ማለት ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ሰርዞ ያለ እሱ ማንበብ በቂ ፈተና ነው፤ በእኔ ንባብ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ጽሑፉ ያለ እሱ ይሻላል። ሁለተኛው፣ ስለ እናት ወይም ስለ አባት የተጻፈው በዝቶ አመልካቹ የሚጠፋበት ነው። እናት በምሳሌያችን ውስጥ የገቡት ግምት ስላቀረቡ ነው፤ ከዚያ በላይ ስለ ድካማቸው ቢጻፍ የሚደነቁት እሳቸው ይሆናሉ።

ሦስተኛው ከሁሉ የከፋው ነው፤ ቅጽበት መፍጠር። «ዝርዝር አስገባ» የተባለ ተማሪ ያልለካውን ቁጥር ሊጽፍ ይችላል። የምስክርነት ደብዳቤ የሚጽፈው መምህር ስለዚያ ነገር ምንም አለማወቁ ወይም በቃለ መጠይቅ ላይ «ሌሊት ለመለካት ለምን 9 ሰዓትን መረጥሽ?» የሚል ቀላል ጥያቄ መልስ ማጣቱ ነገሩን ያጋልጠዋል። ከሌላ ሰው የተወሰደ ትዕይንትም እንዲሁ ነው፤ ዩካስ መግለጫዎችን ከሌሎች ጋር ያላቸውን መመሳሰል ይፈትሻል። ቁጥሩ በትክክል ካልታወሰ «ከአሥር ደቂቃ በላይ» ማለት ይበቃል፤ ሐቀኛ ግምት የተፈበረከ ልኬት የማይሰጠውን እምነት ይሰጣል።

ረቂቁ ሲያልቅ የምጠቀምበት የመጨረሻ ፍተሻ ባለ ሁለት ቀለም እስክሪብቶ ነው። ሰው ሲደረግ ሊያየው ወይም ሊሰማው የሚችለውን ዓረፍተ ነገር በአንዱ፣ ስለ ራስ የተሰጠውን ፍርድ በሌላው ማስመር። በተማሪዋ የመጀመሪያ ረቂቅ ላይ አራቱም ዓረፍተ ነገሮች በሁለተኛው ቀለም ይሰመሩ ነበር። በታረመው ላይ ፍርድ ያለበት ዓረፍተ ነገር ሁለት ወይም ሦስት ቢገኝ አያሳስብም፤ አስቀድሞ በተደረገ ነገር ላይ የቆመ እስከሆነ ድረስ መቆየት ይችላል። ሁለቱ ቀለሞች በአንድ ገጽ ላይ እኩል ከሆኑ ግን እርማቱ ገና መንገድ ላይ ነውና፣ ከፍርዶቹ አንዱን መርጦ «ይህን ያስባለኝ የትኛው ቀን ነው?» ብሎ እንደገና ወደ አማርኛው ወረቀት መመለስ ያስፈልጋል።